የዓይን ብሌን ከደረት የሚታዘዘው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ሲምፓቴቲኩ ከደረትና ከወገብ፣ ፓራሲምፓቴቲኩ ከአንጎልና ከዳሌ ይወጣል የሚለውን ሸምድጃለሁ። የማይገባኝ ግን ዓይን አንጎል ሥር ተቀምጦ ሳለ የሲምፓቴቲክ ነርቩ ደረት ድረስ ወርዶ የሚመለሰው ለምንድን ነው? የሳንባ ካንሰርስ እንዴት አድርጎ ብሌን ያጠብባል? የጋንግሊዮኖቹ ስምም እየተምታታብኝ ነው።»

ወንድሜ፣ የሸመደድከው ልክ ነው። የቀረህ መንገዱን በእግርህ መሄድ ነው።

ሲምፓቴቲክ ከኅብለ ሰረሰር የሚወጣበት በር አንድ ሰፈር ብቻ ነው። ከመጀመሪያው የደረት ክፍል እስከ ሁለተኛው የወገብ ክፍል፤ ማለትም ከቲ1 እስከ ኤል2። አንዳንድ መጽሐፍ ኤል3 ይላል፣ አትጨቃጨቅበት። ዋናው ነገር ከዚያ በላይ በር የለም፣ ከዚያ በታችም የለም። አንገት ላይ ስምንት የነርቭ ጥንዶች አሉ፤ አንዳቸውም ሲምፓቴቲክ ከኅብለ ሰረሰር ይዘው አይወጡም። ከአንጎል የሚወጡት 12 ነርቮችም እንደዚያው። ስለዚህ ጭንቅላት ላይ ያለ ማንኛውም አካል ሲምፓቴቲክ ከፈለገ ከደረት ማስመጣት አለበት። ዓይንም፣ የምራቅ ዕጢም፣ የፊት ላብም።

ይህን ያዝልኝ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

አሁን ሁለቱም ሥርዓቶች የሚጋሩትን ደንብ ላስታውስህ። ከማዕከል እስከ አካሉ ድረስ ትእዛዙን የሚያደርሱት ሁለት ነርቭ ሕዋሶች ናቸው። ዱላ ቅብብል ነው። የመጀመሪያው ሯጭ ከኅብለ ሰረሰር ወይም ከአንጎል ግንድ ይነሳል፤ ፕሪጋንግሊዮኒክ እንለዋለን። ጋንግሊዮን የሚባለው የነርቭ ሕዋሶች ቋጠሮ ጋ ሲደርስ ዱላውን ለሁለተኛው ያቀብላል። ሁለተኛው፣ ፖስትጋንግሊዮኒኩ፣ አካሉ ድረስ ይዞ ይሮጣል። ርክክቡ በሁለቱም ሥርዓት በአሴቲልኮሊን ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሲምፓቴቲኩ ባመዛኙ ኖርአድሬናሊን ይረጫል፣ ፓራሲምፓቴቲኩ አሴቲልኮሊን።

ልዩነቱ ርክክቡ የት ነው የሚለው ላይ ነው። ፓራሲምፓቴቲክ የሚያገለግለው ጥቂት አድራሻ ነው። የመጀመሪያው ሯጭ የአካሉ ደጃፍ ድረስ ይመጣና እዚያ ያስረክባል። ሲምፓቴቲክ ግን ከዚያች ጠባብ በር ወጥቶ መላ ሰውነትን ማዳረስ አለበት። ቆዳ በሙሉ፣ የደም ቧንቧ በሙሉ። ስለዚህ በሩ አጠገብ ትልቅ ማከፋፈያ ዘርግቷል። አከርካሪውን ግራና ቀኝ ይዞ ከአንገት እስከ ጭራ አጥንት የሚወርደው የጋንግሊዮን ሰንሰለት ይኸው ነው።

ሁለት ቁጥር ብቻ ልስጥህ። ከኅብለ ሰረሰር ወደ ሰንሰለቱ የሚገቡት ነጫጭ ድልድዮች በእያንዳንዱ ጎን 14 አካባቢ ናቸው፤ ከቲ1 እስከ ኤል2 ብትቆጥር ይደርስልሃል። ከሰንሰለቱ ወጥተው ከነርቮች ጋር የሚቀላቀሉት ግራጫ ድልድዮች ግን ለ31ዱም የነርቭ ጥንዶች አሉ። መግቢያው 14፣ መውጫው 31። ነጩ ነጭ የሆነው ክሩ በማየሊን ስለተሸፈነ ነው፤ ግራጫው ሽፋን የለውም። ፈተና ላይ «የአንገት ነርቭ ነጭ ድልድይ አለው?» ተብለህ ስትጠየቅ በሩን አስታውስ። የለውም።

ሰንሰለቱ ውስጥ የገባው ክር ሦስት ምርጫ አለው። እዚያው ፎቅ ላይ ዱላውን ያስረክባል፤ ወይም በሰንሰለቱ ወደላይ ወይም ወደታች ተጉዞ ሌላ ፎቅ ላይ ያስረክባል፤ ወይም ሳያስረክብ አልፎ ሆድ ውስጥ አኦርታ ፊት ወዳሉት ጋንግሊዮኖች ይሄዳል። የዓይኑ ሁለተኛውን መርጧል። ወደ ላይ።

እንግዲህ መንገዱን እንሂድ። የዓይኑ ትእዛዝ ከሃይፖታላመስ ይነሳል። አንጎል ውስጥ የሚወርደውን ይህን ክር የሕክምና ሰዎች «አንደኛ ነርቭ» ይሉታል። ከላይ ያልኩህ የሁለት ሯጮች ደንብ ከማዕከል ውጭ ያለውን ነው፤ ይህኛው ማዕከሉ ውስጥ ስለሆነ ለዓይን ስንቆጥር ሦስት ይሆናል። አንደኛው የአንጎል ግንዱን ይዞ፣ የአንገቱን ኅብለ ሰረሰር አቋርጦ፣ ከአንገቱ 8ኛ እስከ ደረቱ 2ኛ ክፍል ባለው ሰፈር ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ከዚያ ተነስቶ በተለይ በቲ1 ሥር ይወጣል። ወዲያው ሰንሰለቱ ውስጥ ይገባል። እዚህ ጋ ቆም በልና ዙሪያህን ተመልከት። የሳንባው አናት ከመጀመሪያዋ የጎን አጥንት በላይ ብቅ ብሎ አንገት ሥር ተቀምጧል። ሰንሰለቱ ከዚያ አናት ጀርባ ነው የሚያልፈው። ክንድን የሚያንቀሳቅሰው የነርቭ ጥልፍልፍ የታችኛው ግንድም እዚያው አጠገብ ነው። አብዛኛው ሰው ላይ የታችኛው የአንገት ጋንግሊዮንና የመጀመሪያው የደረት ጋንግሊዮን እዚህ ቦታ ላይ ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ። ስቴሌት ይባላል፣ ባለ ኮከቡ። የዓይኑ ክር ስቴሌትን ያልፈዋል እንጂ አያስረክብበትም። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ጋንግሊዮን ውስጥ ማለፍና ጋንግሊዮን ውስጥ ማስረከብ ለየቅል ናቸው።

ክሩ አንገትን ይወጣል። መንጋጋ የሚታጠፍበት ቦታ ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ ከካሮቲድ ደም ቅዳ ጀርባ፣ የላይኛው የአንገት ጋንግሊዮን ይጠብቀዋል። ዱላው እዚህ ይተላለፋል። የጭንቅላት ሲምፓቴቲክ ርክክብ በጥቅሉ እዚሁ ነው ብትል ብዙም አትሳሳትም።

ሦስተኛው ሯጭ ከዚህ በኋላ የራሱ የነርቭ መንገድ የለውም። የደም ቧንቧ ተከራይቶ ይሄዳል። የውስጠኛውን ካሮቲድ እንደ ሐረግ ተጠምጥሞበት የራስ ቅል ውስጥ ይገባል፤ ካቨርነስ ሳይነስ በሚባለው የደም ቋት ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ ከ5ኛው ነርቭ የመጀመሪያ ቅርንጫፍ ጋር ተዳብሎ ዓይን ውስጥ ይደርሳል። ብሌን ከፋቹን ጡንቻ ያዛል። ከፊሉ ደግሞ የላይኛውን የዓይን ቆብ በትንሹ ቀና አድርጋ የምትይዘውን የሙለር ጡንቻ ያገኛል። የፊት ላብ ክሮች ግን አብዛኞቹ ከጋንግሊዮኑ ሲወጡ ይለያሉ፤ እነሱ የሚከተሉት የውጭኛውን ካሮቲድ ነው። ይህችን መገንጠያ ያዛት፤ በኋላ በሽተኛ ላይ እንጠቀምባታለን።

በነገራችን ላይ «ሲምፓቴቲክ አጭር ፕሪ፣ ረጅም ፖስት» የምትለዋ መዝሙር እዚህ ላይ ትንሽ ታስቸግራለች። ከቲ1 እስከ መንጋጋ ያለው ፕሪጋንግሊዮኒክ አጭር አይደለም። መዝሙሯን በአማካይ እውነት ናት ብለህ ተቀበላት።

ክሩ ወደ ላይ እንደሚሄድ ያወቅነው እንዴት ነው ካልክ ታሪኩ ደስ ይላል። ድሮ ይህ የአንገት ነርቭ ከአንጎል ተነስቶ ወደ ታች የሚወርድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፑርፉር ዱ ፔቲ በ1727 ውሻ ላይ የአንገቱን ሰንሰለት ቆረጠ። ለውጡ የታየው ከተቆረጠበት በላይ፣ ዓይን ላይ ነበር። እንግዲያው ወደ ዓይን የሚሄደው ነገር ከታች ነው የሚመጣው ማለት ነው። ርክክቡ የት እንዳለ ደግሞ እንግሊዛዊው ላንግሊ በኒኮቲን አሳየ። ከዲኪንሰን ጋር በ1889 የላይኛውን የአንገት ጋንግሊዮን ኒኮቲን ቀቡት። ከጋንግሊዮኑ በታች ያለውን ክር በኤሌክትሪክ ሲነኩት ብሌኑ ዝም አለ። ከጋንግሊዮኑ በላይ ሲነኩት ግን ተከፈተ። ርክክቡ ታግዷል፣ ሦስተኛው ሯጭ ግን ደህና ነው። «ፓራሲምፓቴቲክ» የሚለውን ስም ያወጣውም ይኸው ላንግሊ ነው፣ በ1905።

የፓራሲምፓቴቲኩ የዓይን መንገድ ከዚህ ጋር ሲተያይ የጎረቤት ጉዞ ነው። ከመሃል አንጎል፣ ኤዲንገር ዌስትፋል ከተባለ እምብርት ይነሳል። በ3ኛው ነርቭ ተሳፍሮ የዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ከዓይን ኳሱ ጀርባ ያለችው ትንሽዬ ሲልያሪ ጋንግሊዮን ዱላውን ትቀበላለች። ከዚያ አጫጭር ክሮች ብሌን አጥባቢውን ጡንቻና ሌንሱን ለቅርብ ዕይታ የሚያስተካክለውን ጡንቻ ያዛሉ። አለቀ። ደረት የለ፣ አንገት የለ።

እዚህ አንድ የምትጠቅም ነገር አለች። እነዚህ ክሮች 3ኛው ነርቭ ውስጥ ሲጓዙ ጠርዝ ላይ ናቸው፣ ከላይና ከውስጥ በኩል። ነርቩን ከውጭ የሚጫን ነገር፣ ለምሳሌ ያበጠ የአንጎል ደም ቅዳ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ብሌኑ ይሰፋል። ስኳር በሽታ ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የነርቩን መሃል ነው፤ ዓይን ቆቡ ይወድቃል፣ ዓይኑ አይዞርም፣ ብሌኑ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። «ብዙ ጊዜ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ብሌኑ ደህና ነው ብሎ በሽተኛን ያለ ምርመራ ማሰናበት አይሠራም።

አሁን አንድ ታካሚ ላንሳልህ። እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

በሃምሳዎቹ አጋማሽ ያለ ሰው ነው። ለረጅም ዓመታት አጭሷል። አምስት ወር ግራ ትከሻውን አመመው። የትከሻ መገጣጠሚያ ነው ተብሎ ማስታገሻ ወሰደ፣ እስፖርትም ታዘዘለት። አልሻለውም። ሕመሙ ከትከሻ ወደ ክንዱ ውስጠኛ ጎን፣ ከዚያ ወደ ትንሿ ጣቱ ወረደ። ሌሊት ሌሊት ይብስበታል። እኔ ዘንድ የመጣው ጣቱ ስለደነዘዘ ነበር። ዓይኑን በተመለከተ ያለው «ትንሽ እንቅልፋም መስያለሁ ይሉኛል» ብቻ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ የመጀመሪያ ቀን ሊያመልጠኝ ነበር። ክፍሉ ብሩህ ነበር። ቀኝ ብሌኑ 3 ሚሊሜትር፣ ግራው 2.5። ይህን ያህል ልዩነት ብዙ ጤነኛ ሰው ላይም ታገኛለህ። ቆቡን ሳየው ነው የተጠራጠርኩት። ግራው ወደ 1.5 ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል። የታችኛው ቆብ ደግሞ ትንሽ ወደ ላይ ተነስቷል፤ እዚያም የሲምፓቴቲክ ጡንቻ አለ። ዓይኑ ከሁለት በኩል ስለጠበበ ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል።

መብራቱን አጠፋሁና የእጅ ባትሪ ከታች፣ ከአገጩ በኩል፣ አደብዝዤ ያዝኩ። በአምስተኛው ሰከንድ ላይ ቀኝ ብሌኑ 6 ሆኗል፣ ግራው ገና 3 ላይ ነው። በአስራ አምስተኛው ሰከንድ ግራው እየተንፏቀቀ 4 ደረሰ። ይህ መዘግየት ነው ምልክቱ። ጤነኛ ብሌን ጨለማ ውስጥ የሚሰፋው በሁለት መንገድ ነው፤ አጥባቢው ይለቃል፣ ከፋቹ ይስባል። እዚህ ሰው ላይ አጥባቢው ለቅቋል። የሚስብ ግን የለም። ስለዚህ ብሌኑ በራሱ ልስላሴ ቀስ ብሎ ይከፈታል።

ከዚህ ሁለት የሚያድን ጥያቄ ይወጣል። የብሌን ልዩነት የሚብሰው በጨለማ ነው ወይስ በብርሃን? በጨለማ ከባሰ የተበላሸው ትንሹ ብሌን ነው፣ መስፋት አቅቶታል፣ ጥፋቱ ሲምፓቴቲክ ነው። በብርሃን ከባሰ የተበላሸው ትልቁ ነው፣ መጥበብ አቅቶታል፣ ጥፋቱ ፓራሲምፓቴቲክ ነው። የቆቡም ነገር እንደዚሁ ያግዛል። ዋናውን የቆብ ማንሻ የሚያዘው 3ኛው ነርቭ ስለሆነ እሱ ሲጎዳ ቆቡ ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል። ሲምፓቴቲክ ሲጎዳ ግን የሚቀንሰው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ነው። ቆቡ ጭራሽ ተዘግቶ ብሌኑ ትንሽ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ አይደለም ያለው፤ ደግመህ አስብ።

የተጠበበ ብሌን፣ ዝቅ ያለ ቆብ፣ የደረቀ ፊት። ይህ ስብስብ በስዊዙ የዓይን ሐኪም ስም ሆርነር ይባላል፤ እሱ የጻፈው በ1869 ነው።

ሆርነር መሆኑ ታወቀ። የቱ ሯጭ ነው የወደቀው? እዚህ ላይ ያቺ መገንጠያ ትጠቅማለች። ሰውዬውን ስለ ላብ ጠየቅሁት። «ፊቴን በመሐረብ ስጠርግ ግራው ደረቅ ነው» አለኝ። ከግንባር እስከ አገጭ። የተጎዳው ሦስተኛው ሯጭ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ውስጠኛው ካሮቲድ ላይ፣ የላብ ክሮቹ ቀድመው ስለተገነጠሉ ፊቱ ባመዛኙ ያልበው ነበር፤ የሚደርቀው ግንባሩ ላይ ያለ ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። አንደኛው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ወደ ታች የሚወርደው ሁሉ ስለሚቋረጥ ከፊት አልፎ የዚያው ጎን ክንድና ደረትም ላብ ያጣ ነበር፤ ከአንጎል ግንድ የሚመጣ ሌላ ምልክትም እጠብቃለሁ፣ ማዞር፣ መዋጥ ማቃት። እዚህ ሰው ላይ የደረቀው ፊት ሙሉውን ነው፣ ሌላው ደህና ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሯጭ፣ ከኅብለ ሰረሰር እስከ መንጋጋ ባለው መንገድ ላይ።

ግን ይህ መንገድ ረጅም ነው። የቱ ጋ? እጁን ተመለከትኩ። ጣቶቹን ዘርጋ አልኩትና በጣቴ ለመግፋት ሞከርኩ። የግራዎቹ ሳይታገሉ ተዘጉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል። እነዚህን የእጅ ጡንቻዎች የሚያዘው በተለይ ቲ1 ነው። የክንዱ ውስጠኛ ጎንና የትንሿ ጣት ስሜትም የቲ1ና የአንገቱ 8ኛ ነው። የዓይን ሲምፓቴቲክና የእጅ ጡንቻ ጎን ለጎን የሚሆኑበት ቦታ የቱ ነበር? መጀመሪያዋ የጎን አጥንት ላይ፣ የሳንባው አናት ጋ። እኛም ቅድም ቆመን ዙሪያችንን ያየነው እዚያ ነው።

ጠብታ ደግሞ አደረግንለት። አፕራክሎኒዲን ይባላል። ኖርአድሬናሊን የተቋረጠበት ጡንቻ ረሃብተኛ ይሆናል፤ መቀበያዎቹን ያበዛል። ጠብታው ደካማ ስለሆነ ጤነኛ ብሌንን አይከፍትም፤ የተራበውን ግን ይከፍተዋል። ከ45 ደቂቃ በኋላ ግራው ከቀኙ በለጠ፣ ቆቡም ተነሳ። ልዩነቱ ተገለበጠ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለው። ጉዳቱ ትኩስ ከሆነ ረሃቡ ገና አልመጣም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠብታው «ደህና ነው» ብሎ ሊያታልልህ ይችላል። ሕፃናት ላይ ደግሞ አይሞከርም፤ ያፈዛል፣ ትንፋሽም ሊያዳክም ይችላል።

የትኛው ሯጭ እንደሆነ በጠብታ መለየት ከፈለግህ ሃይድሮክሲአምፌታሚን አለ፣ በሌላ ቀን። እሱ የሚሠራው ሦስተኛው ሯጭ ጫፍ ላይ የተከማቸውን ኖርአድሬናሊን በመልቀቅ ነው። ብሌኑ ከተከፈተ ሦስተኛው በሕይወት አለ፣ ጥፋቱ ከሱ በፊት ነው። ካልተከፈተ ሦስተኛው ራሱ ሞቷል። ላንግሊ በኒኮቲን ያደረገው ነገር በዘመናችን ልብስ ማለት ነው። ችግሩ ጠብታው እንደልብ አይገኝም። እኛ አላገኘነውም፣ እጁ ስለመሰከረ አላስፈለገንም።

የደረት ራጅ ስንመለከት በግራው ሳንባ አናት ላይ ከቀኙ ወፈር ያለ ጥላ ነበር። የጎን አጥንቶች ተደራርበው ስለሚሸፍኑት በቀላሉ ይታለፋል፤ ከሁለት ወር በፊት የተነሳውም ራጅ ላይ ነበር፣ ማንም አልጻፈበትም። ሲቲ ስካን ሲነሳ አናቱ ላይ ዕባጭ፣ የመጀመሪያዋ የጎን አጥንትም ተበልታ ተገኘች። ናሙናው የሳንባ ካንሰር ሆነ። ኬሞና ጨረር ተጀመረለት። ሕመሙ ቀለለለት። ብሌኑ ግን አልተመለሰም፤ ክሩ ከተበላ ወዲያ ብዙም አይመለስም።

አንድ ነገር ከዚህ ሰው ጋር እንዳይምታታብህ። ሆርነር በድንገት፣ ከአንገት ወይም ከፊት ሕመም ጋር ከመጣ ሳንባ ከማሰብህ በፊት ካሮቲድን አስብ። የደም ቧንቧው ግድግዳ ሲሰነጠቅ የሚወጋው የተጠመጠመበትን ሐረግ፣ ሦስተኛውን ሯጭ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የዚያኑ ቀን የአንገት የደም ቧንቧ ምስል ይነሳል። ላቡ ደህና ነው ብለህ አትዘናጋ፤ እንዲያውም እዚህ ላይ ላቡ ደህና መሆኑ ነው የሚያስፈራው።

ወደ ጋንግሊዮን ስሞችህ ልመለስ። ዓይን ላይ ያደረግነውን ጥያቄ ብቻ ደጋግም። ከየት በር ወጣ፣ የት አስረከበ፣ በማን ተሳፍሮ ሄደ?

ጭንቅላት ላይ አራት የፓራሲምፓቴቲክ ጋንግሊዮኖች አሉ። ሲልያሪን አይተናል፣ በ3ኛው ነርቭ። 7ኛው ነርቭ ሁለት አለው። ፕተሪጎፓላታይን ለእንባና ለአፍንጫ ርጥበት፣ ሰብማንዲቡላር ከመንጋጋና ከምላስ ሥር ላሉት የምራቅ ዕጢዎች። 9ኛው ኦቲክን ይጠቀማል፣ ጆሮ ሥር ላለው ትልቁ የምራቅ ዕጢ። ተማሪን የሚያደናግረው እነዚህ ጋንግሊዮኖች ውስጥ ሲምፓቴቲክ ክሮችም መገኘታቸው ነው። ያልፋሉ እንጂ አያስረክቡም፤ እነሱ የላይኛው አንገት ላይ ጨርሰው ነው የመጡት።

10ኛው፣ ቬጉስ፣ ስም ያለው ጋንግሊዮን አያስፈልገውም። ልብ ላይ፣ ሳንባ ላይ፣ የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ውስጥ ራሱ ያስረክባል። አንጀት ላይ የሚደርሰው ትልቁ አንጀት በግራ በኩል እስከሚታጠፍበት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው፣ የሽንት ፊኛና የብልት መቆም ጭምር፣ ከዳሌው የኅብለ ሰረሰር ክፍሎች፣ ከኤስ2 እስከ ኤስ4፣ ነው። በ2016 አንድ የፈረንሳይ የምርምር ቡድን በአይጥ ፅንስ ላይ ሕዋሶቹን መርምሮ ይህ የዳሌው ክፍል በአፈጣጠሩ ሲምፓቴቲክን ይመስላል ብሎ ብዙ ክርክር አስነስቷል። ለፈተናህ ግን ፓራሲምፓቴቲክ ነው ብለህ ጻፍ።

ሆድ ውስጥ ያለው ሲምፓቴቲክ ሦስተኛውን ምርጫ የመረጠው ነው። ከቲ5 በታች የወጡ ክሮች ሰንሰለቱን አልፈው አኦርታ ፊት ያስረክባሉ። ጋንግሊዮኖቹ ስማቸውን የወሰዱት ከአኦርታ ከሚገነጠሉት ደም ቅዳዎች ነው፤ ሲልያክ፣ ላይኛው ሜሰንተሪክ፣ ታችኛው ሜሰንተሪክ። ቧንቧው የሚያጠጣውን አካል ካወቅህ ጋንግሊዮኑ የሚያዘውንም አወቅህ። እዚህም የሚሳፈሩት ቧንቧው ላይ ነው። የአድሬናል ዕጢው መሃል ብቻ ከደንቡ ይወጣል፤ ሁለተኛ ሯጭ የለውም። ፕሪጋንግሊዮኒኩ በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ይገባል፣ ዕጢው ራሱ እንደ ሁለተኛ ሯጭ ሆኖ አድሬናሊን ደም ውስጥ ይለቃል።

ቆዳ፣ ላብና የክንድና የእግር የደም ቧንቧዎች ፓራሲምፓቴቲክ የላቸውም። የላብ ዕጢ ደግሞ ጉደኛ ነው። የሚያዘው ሲምፓቴቲክ ሆኖ የሚረጨው ግን አሴቲልኮሊን ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ራስህን የምትፈትንበት። ማደንዘዣ ሐኪሞች ለእጅ ሕመም ሲሉ ስቴሌት ጋንግሊዮን አካባቢ ማደንዘዣ ይወጋሉ። በደቂቃዎች ውስጥ በዚያው ጎን ቆቡ ዝቅ ይላል፣ ብሌኑ ይጠባል። ጀማሪው «ሠራ» ብሎ መርፌውን ያስቀምጣል። አንጋፋው ግን እጁ ላይ የሙቀት መለኪያ ለጥፏል። ቆቡ የነገረህ ወደ ጭንቅላት የሚወጣው ክር መታገዱን ብቻ ነው። ወደ እጅ የሚሄደው ሲምፓቴቲክ ባመዛኙ ከቲ2 በታች ካሉት ክፍሎች ይመጣል፤ መድኃኒቱ እዚያ ካልደረሰ ዓይኑ ይወድቃል፣ እጁ እንደቀዘቀዘ ይቀራል።